የማታውቀውን ሲጠይቁህ በአጭሩ እንዴት ትመልሳለህ?

እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ጠዋት በሰልፍ ላይ ዜናና ታሪክ ስናነብ አንዳንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንባቢው መልሱን ካላወቀ ግን ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። የእኛ ጎረቤት አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። አጤ ምኒልክ ከጣልያን ጋር የተዋዋሉት የውጫሌ ውል ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። አንድ ልጅ በሰልፍ ላይ «የውጫሌ ውል በ1889 ተፈረመ» ብሎ አነበበ እንበል። ከታች አንዷ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «1889 በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» አለችው። ልጁ ቁጥሩን ከሌላ ወረቀት ነው የገለበጠው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አልተጻፈም። ስለዚህ አያውቅም። ምን ይበል?

እኔ ጥሩ ነው የምለው መልስ ይሄ ነው፦ «አላውቅም። የገለበጥኩበት ወረቀት ላይ ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው። የኅብረተሰብ መምህራችንን ጠይቄ ነገ ጠዋት እዚሁ እናገራለሁ።»

ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። የመጀመሪያዋ «አላውቅም» ትላለች። ይህቺ ቃል መጀመሪያ መምጣት አለባት፤ መጨረሻ ላይ ከመጣች ሰሚው እስከዚያ ድረስ መልስ እየመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛዋ በእጃችን ያለውን ያህል ብቻ ትናገራለች። ሦስተኛዋ መልሱ ከማን እንደሚገኝና መቼ እንደሚመጣ ትናገራለች። ይህቺ ከቀረች «እኔ እንጃ» ብሎ ፊት እንደማዞር ይቆጠራል፤ ልጅቷም ሁለተኛ አትጠይቅም።

አንዳንዱ «በእኛ ይመስለኛል» ብሎ ይገላገላል። ይሄ ምን እንደሚያበላሽ እንይ። ተማሪዎች «ይመስለኛል» የምትለዋን ትተው «1889 ዓ.ም.» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የአድዋ ድል ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በእነሱ ደብተር ጦርነቱን ያመጣው ውል የተፈረመው ከጦርነቱ በኋላ ሆነ ማለት ነው! እንዲህ ያለ ግምት ስህተት መሆኑ የሚታወቀው እንደዚህ እርግጠኛ ከሆንንበት ሌላ ቀን ጋር ስናስተያየው ነው።

ሌላው ደግሞ አለማወቁ እንዳይታወቅበት ያስረዝማል። ስለ አንቀጽ 17 ይጀምራል። አማርኛው አጤ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ በጣልያን በኩል ማድረግ ይችላሉ እንደሚል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ እንደሚያደርገው ይተርካል። ታሪኩ እውነት ነው፣ ጥሩም ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ግን እሱን አይደለም። የክፍል ደወል ይደወልና ጥያቄዋ እዚያው ይቀራል።

በማግስቱ መልሱም እንደዚሁ አጭር ይሁን፦ «ትናንት የተጠየቀው 1889 በፈረንጅ ነው። በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው።» የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ 8 ዓመት ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ሚያዝያ ከዚያ በኋላ ስለሆነች 1881 ላይ 8 ስንደምር 1889 ይመጣል።

ግማሹን ብቻ የምናውቅበት ጊዜም አለ። «አምባሰል ሲባል ተራራው ነው፣ ወረዳው ነው ወይስ የዜማ ቅኝቱ?» ብትባልና ቅኝቱ አለመሆኑን ብቻ ብታውቅ «ቅኝቱ አይደለም። ከተራራውና ከወረዳው የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም» በል። የምታውቀውን አትደብቅ፣ በማታውቀው ላይም አትጨምር።

«ነገ እናገራለሁ» የማይሠራበት ቦታም አለ። ማስታወቂያ ላይ «ስብሰባው በ2 ሰዓት ነው» ተብሎ ተጽፎ አንድ የተማሪ አባት «የጠዋቱ ነው የማታው?» ቢሉህ፣ እሳቸው ነገን አይጠብቁም። «አላውቅም አባባ። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ አሉ፣ ይምጡ ላሳይዎት» ማለት ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ወደሚያውቀው ሰው መንገድ ማሳየት ሆነች ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ነገ» ያልነው እንዳይረሳ ጥያቄውን፣ የጠየቀውን ልጅ ክፍልና ቀኑን ወዲያው ወረቀት ላይ እንጻፍ። መልሱን ስናነብ ያኔ እንሰርዘዋለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!