ሦስተኛው ስላይድ ከስድስተኛው ጋር

ካሩሰል በማኅበራዊ ገጽ ላይ በጣት እየተገፉ በተራ የሚታዩ ስላይዶች ስብስብ ነው። የባልደረባን ረቂቅ የሚገመግም ሰው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን ስላይድ ለብቻው እያየ ፊደል ያርማል፤ ስላይዶቹን እርስ በርስ ማፋጠጥ ግን ይቀረዋል።

ለአብነት፣ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይት በኩል ሱዳን ስለገቡ ሰዎች የተሰናዳ ባለሰባት ስላይድ ረቂቅ ይታሰብ። ሁለተኛው ስላይድ ሰዎቹ ተከዜን ተሻገሩ ሲል አምስተኛው ሰቲትን ተሻገሩ ቢል ተቃርኖ አይደለም፤ ሱዳኖች ያንኑ ወንዝ ሰቲት ይሉታል። ሦስተኛው ሐምዳይትን በገዳሪፍ፣ ካርታ የያዘው ስድስተኛው ደግሞ በከሰላ ግዛት ቢያስቀምጧት ግን አንዱ ተሳስቷል፤ ስሕተቱም የሚመነጨው ከሐምዳይት የተወሰዱ ብዙዎች የሰፈሩበት የኡም ራኩባ መጠለያ በገዳሪፍ ስለሚገኝ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቀን ነው። ጦርነቱ የጀመረበት ኖቬምበር 4 ቀን 2020 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 25 ቀን 2013 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የኖቬምበር የመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት በጥቅምት ውስጥ ይወድቃሉ። ኖቬምበርን በደፈናው «ኅዳር» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አንደኛው ስላይድ በጥቅምት የጀመረውን ጦርነት አራተኛው ላይ በኅዳር ያስጀምረዋል። «ኅዳር 2020» የሚለው አጻጻፍማ ወሩን ከአንዱ፣ ዓመቱን ከሌላው አቆጣጠር የቀላቀለ በመሆኑ ሰነፍ ጸሐፊን ወዲያውኑ ያጋልጣል። አንዱ ስላይድ «ከ40,000 በላይ»፣ ሌላው «ከ60,000 በላይ» ስደተኞች ሲል ደግሞ፣ የመጀመሪያው በኖቬምበር 2020 መጨረሻ፣ ሁለተኛው በ2021 መጀመሪያ ወራት ሱዳን የገቡትን የሚቆጥር በመሆኑ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ መፍትሔው ትልቁን መርጦ ትንሹን መሰረዝ ሳይሆን በየቁጥሩ አጠገብ ቀኑን መጻፍ ነው።

የድምፀት ግጭት በአማርኛ በግሡ ይታወቃል። የመጀመሪያው ስላይድ አንባቢውን «ይመልከቱ» ብሎ አክብሮ የመጨረሻው «አሁኑኑ ሼር አድርግ!» ካለ፣ ወይም አንዱ «ስደተኞች» ያላቸውን ሌላው «ተፈናቃዮች» ካላቸው፣ ጽሑፉ ከሁለት እጅ የወጣ ይመስላል፤ ሁለተኛው ከአጠራር ልዩነትም ያለፈ ነው፤ ተፈናቃይ የሚባለው ድንበር ያልተሻገረ ነውና።

ስለዚህ ገምጋሚው ከየስላይዱ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ቦታውንና አንባቢ የተጠራበትን ግሥ ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ በዓምድ አውርዶ ከላይ ወደ ታች ያነብባል። ለባልደረባውም «ተሳስተሃል» ሳይሆን «3ኛው ከ6ኛው ጋር አይገጥምም» ብሎ ይጽፍለታል፤ ምንጩ ያለው በአዘጋጁ እጅ ስለሆነ የትኛው እንደሚታረም የሚያጣራው እሱ ነው።