አቅራቢው መልስ ሲያጣ አወያዩ ቀጥሎ ምን ይጠይቅ?



በጥናት መድረክ ላይ አቅራቢው መልስ ሲያጣ ቀጣዩን ቃል የሚናገረው አወያዩ ነው። ብዙውን ጊዜ «እሺ፣ ሌላ ጥያቄ ያለው?» ብሎ ያልፋል። ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጠያቂው መልስ አላገኘም፤ አቅራቢውም እንደ ተረታ ሰው ቆሞ ይቀራል። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት መልስ ማጣት ለመረታት ሊያበቃ ይችል ነበር። የጥናት መድረክ ግን ረቺና ተረቺ የሚለይበት ችሎት አይደለም። ስለዚህ አወያዩ የሚፈልገው ያልታወቀው ነገር የትኛውን ድምዳሜ እንደሚነካ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጽ። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በኮልፌ ቀራኒዮ የ60 ቤተሰቦችን ደረቅ ቆሻሻ በጥር ወር ለሰባት ቀናት መዘነች እንበል። ሦስት ድምዳሜዎች አቀረበች፦ አብዛኛው ቆሻሻ የሚበሰብስ ነው፤ ቆሻሻ ለይተው የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው፤ ከጥናቱ ቀጠና በቀን ለሚወጣው 10 ቶን ቆሻሻ አምስት አምስት ቶን የሚጭን መኪና ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ይበቃል። ከታዳሚው አንዱ «በክረምትስ ክብደቱ ምን ያህል ይጨምራል?» ሲል ጠየቀ። ተማሪዋ ዝም አለች።

አወያዩ በመጀመሪያ ዓይኑን ወደ ጠያቂው ይመልስ፤ «ጥያቄዎ ክብደቱን ብቻ ነው ወይስ የቆሻሻውን ዓይነትም ይጨምራል?» ይበል። ይህ ጥያቄውን ያጠራል፤ ለተማሪዋም የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ መልስ የጠፋው ጥያቄው ስላልተሰማ ወይም ስላልገባ ብቻ ነውና።

ጥያቄው ከጠራ በኋላ ዝምታው ከቀጠለ፣ ሁለተኛውን ለተማሪዋ ያቅርብ፦ «ይህ ከመረጃዎ ውስጥ የሚገኝ ነው ወይስ ያልለኩት ነው?» በመዝገቧ ካለ፣ ከጉባኤው በኋላ ፈልጋ ለጠያቂው እንድታደርስ ይያዛል። ካልለካችው «አልለካሁም» ማለት ሙሉ መልስ ነው። ጥያቄው ሁለቱንም መንገድ እኩል ክፍት ማድረግ አለበት። «ከጥናትዎ ወሰን ውጭ ነው፣ አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ አወያይ መደበቂያ እያቀበለ ነው፤ ምልክቱም አቅራቢው «አዎ» ብሎ ዝም ማለቱ ነው።

የላቀው ጥያቄ ሦስተኛው ነው፦ «ክብደቱ በክረምት ቢጨምር፣ ከሦስቱ ድምዳሜዎችዎ የትኛው ይለወጣል?» ይህንን ተማሪዋ የክረምቱን ቁጥር ሳታውቅ መመለስ ትችላለች። ከፍሎ የማስቀመጥ ልማድ በክብደት አይወሰንም። የሚበሰብሰው ድርሻ በበቆሎ እሸት ወቅት ሊያድግ እንጂ ድምዳሜውን ላይገለብጥ ይችላል። የመኪናው ስሌት ግን ይናጋል፤ ክብደቱ በመቶ 20 ቢጨምር 10 ቶኑ 12 ይሆናል፣ ሁለት ምልልስም አይበቃም፤ ሦስተኛ ያስፈልጋል። እነሆ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ከሦስቱ ድምዳሜዎች አንዱ በበጋ ብቻ እንደሚሠራ አሳየን። ቀጥሎ «ይህን ለማወቅ ምን መለካት ያስፈልጋል?» ቢባል፣ እነዚያኑ ቤተሰቦች በሐምሌ እንደገና መመዘን እንደሚገባ ራሷ ትናገራለች። አወያዩም ይህንን በቃለ ጉባኤ ያስመዘግብ።

ቆሼ በሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በደረሰው መናድ ከመቶ በላይ ሰዎች ባለቁበት አካባቢ፣ ስለ ቆሻሻ የሚነገር ቁጥር ወሰኑ ሳይነገር መውጣት የለበትም።

አቅራቢው በዝምታ ፈንታ መልስ የሚፈጥርበት ጊዜም አለ። ንግግሩ ከቁጥር ወደ አጠቃላይ አባባል ሲሸሽ ይታወቃል። ያኔ «ይህ የተለካ ነው ወይስ የእርስዎ ግምት?» ማለት ይበቃል። ግምት ከሆነ ግምት መሆኑ ተነግሮ ይታለፍ።

አጠራርም ቸል አይባልም። በክፍል ውስጥ ተማሪን «አንቺ» ወይም «አንተ» ማለት ልማዳችን ነው። በመድረክ ላይ ግን ጠያቂውን «እርስዎ»፣ ተማሪዋን «አንቺ» የሚል አወያይ ጥያቄው ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ሚዛኑን አዛብቷል።

ይህ አካሄድ ወሰን አለው። በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ፈታኙ የሚመዝነው የተማሪውን እውቀት ስለሆነ፣ ሰብሳቢው ጥያቄውን ከማጥራት አልፎ ወደ መልሱ መምራት አይገባውም። ያልተለካው ነገር ሁሉንም ድምዳሜዎች የሚጥል ሆኖ ከተገኘም አወያዩ ሊሸፍነው አይችልም፤ በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ይነገር። በሌሎቹ መድረኮች ሦስቱ ጥያቄዎች ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቢወስዱ ነው። ከዚያ በላይ ከተጓተቱ ምርመራ ይሆናሉና፣ አወያዩ የተደረሰበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ወደ ቀጣዩ ጠያቂ ይለፍ።