ሽምብራ፣ ጨውና አንድ ጥያቄ

ለሳይንስ ዐውደ ርእይ የሚዘጋጅ ተማሪ ግብርናም፣ ኬሚስትሪም፣ ውኃም ሊማርከው ይችላል። ቤተ ሙከራው ባዶ ከሆነ ምርጫውን ከጓዳው ይጀምር። በብዛት የሚገኝ፣ በሳምንት ውስጥ ለውጥ የሚያሳይና የሚቆጠር ነገር ይፈልግ።

ሽምብራ እንዲህ ያለ ነገር ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ፣ በመስኖ የለማ መሬት በጨው ተጎድቷል። እናም «ጨው የሽምብራን መብቀል ምን ያህል ያዘገያል?» ብሎ መጠየቅ ሦስቱንም ፍላጎቶች በአንድ ያስተናግዳል።

ከአንድ ከረጢት 60 ፍሬ ይቆጠርና በሦስት ሳህኖች፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ፣ 20፣ 20 ይደረግ። አንዱ ንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያለበት፣ ሦስተኛው ሁለት ማንኪያ ያለበት ውኃ ያገኛል። ሌላው ሁሉ፣ ሙቀቱም የውኃው ልክም፣ እኩል ይሁን። ጠዋት ጠዋት ሥር ያወጡት ይቆጠራሉ። ጨው በበዛ ቁጥር ፍሬው ውኃ መሳብ ስለሚያቅተው ይዘገያል።

ብዙዎች የሚስቱት ሳህኑን ሳይሸፍኑ ሲተዉት ነው፤ ውኃው ተንኖ ጨው ስለሚቀር መጠኑ ከተለካው በላይ ይሆናል። ስለዚህ በላስቲክ ይሸፈን። በንጹሕ ውኃ ያለው ከግማሽ በታች ከበቀለ ጥፋቱ የጨው ሳይሆን የዘሩ ነው፤ በሌላ ዘር እንደገና ይጀመር።

ይህ ሙከራ ስለ መብቀል እንጂ ስለ ምርት አይናገርም። መምህራን ሆይ፣ ይህን ወሰን ራሱ ለሚናገር ተማሪ ከሚያብረቀርቅ ሞዴል ይልቅ ብልጫ ስጡት።