ለማተሚያ ቤት የሚጻፍ የዋጋ መጠየቂያ ደብዳቤ

ሰበካ ጉባኤ «የ500 መጽሐፍ ዋጋ ይገለጽልን» ብሎ ቢጽፍ፣ አንዱ ማተሚያ ቤት በስስ፣ ሌላው በወፍራም ወረቀት አስልቶ ይመልሳል፤ ዋጋዎቹንም ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃንም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ደብዳቤ አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል። ስለ ውኃ አጠባበቅ ለምናሳትመው አነስተኛ መጽሐፍ ብንጽፍ እንዲህ እንላለን፦

«መጠን፦ ኤ5 (14.8 በ21 ሳ.ሜ.)።
ብዛት፦ 500 እና 1,000 ቅጂ፣ ዋጋው ለየብቻ።
ገጽ፦ ከሽፋኑ ሌላ 32።
የውስጥ ወረቀት፦ ነጭ፣ 80 ግራም፣ በጥቁር ቀለም የሚታተም።
ሽፋን፦ 250 ግራም አርት ወረቀት፣ ባለ ሙሉ ቀለም፣ በውጭ በኩል ላሚኔሽን ያለው።
ጥረዛ፦ መሃሉ በሽቦ የተሰፋ።
ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ማካተቱ፣ ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜና የማስረከቢያው ቀን ይገለጽልን።»

በዚህ ዓይነት ጥረዛ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን፣ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። ጽሑፉ 30 ገጽ ቢሆን ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ብዛቱን በሁለት መንገድ የምንጠይቀው፣ በኦፍሴት ኅትመት የፕሌቱና የማሽኑ ዝግጅት ወጪ ለ500ም ለ1,000ም ያው በመሆኑ ነው፤ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ላሚኔሽኑ ሽፋኑን በስስ ፕላስቲክ ስለሚለብጠው፣ ከጣርማ በር በታች ባለው የይፋት ቆላ ከአቧራና ከላበት ይጠብቀዋል።

በመጨረሻም «ናሙናው ታይቶ ሳይፈረም ኅትመቱ አይጀመር» የሚል ቃል በደብዳቤው ይጨመር።