ሮቶው ከፍ ይበል፣ ቧንቧው ይስፋ

አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርተው የገቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። ታች ወጥ ቤት ውሃው ይንዶለዶላል፣ ፎቅ ላይ ግን ሻወሩ ይንጠባጠባል። ሮቶው ሙሉ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ታዲያ ከዚህ የሚበልጥ ሮቶ ቢገዛ ግፊቱ የሚጨምር ይመስለዋል። አይጨምርም። ግፊት የሚመጣው ከውሃው ብዛት ሳይሆን ውሃው ከሩቢኔቶው በላይ ካለው ከፍታ ነው። የውሃቸው ገጽ እኩል ከፍታ ላይ እስካለ ድረስ አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶና ሃምሳ ሊትር የሚይዝ በርሜል የሚገፉት እኩል ነው። ትልቁ የሚበልጠው ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ብቻ ነው።

አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር የሚያህል ግፊት ይሰጣል። ከፍታውን እንደ ገቢ፣ ቧንቧውን እንደ ወጪ ብናስበው ነገሩ ይቀላል፤ ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትርና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከከፍታው ላይ ይበላል፣ ሻወሩ የሚደርሰው ትርፉ ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ። ከወለል እስከ ወለል 3.20 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የጣሪያው ሶሌታ ከታችኛው ወለል 6.40 ሜትር ላይ ይገኛል። የፎቁ ሻወር ራስ ከፎቁ ወለል 2 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሮቶው ሶሌታው ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ፣ ከሮቶው ግርጌ እስከ ሻወሩ ራስ ያለው ከፍታ 1.20 ሜትር ብቻ ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይጨመርበታል፤ ግን ይህ ጭማሪ ውሃው እያለቀ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጠዋት ደህና የነበረው ሻወር ማታ የሚደክመው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚሠራው ሮቶው ሊያልቅ በደረሰበት ሰዓት ነው። የታችኛው ወለል ሻወር ግን በዚያው ሰዓት እንኳ 4.40 ሜትር አለው።

አሁን ሮቶውን 2 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ላይ እናውጣው። የፎቁ ሻወር 1.20 የነበረው ከፍታው 3.20 ሜትር ሆነ።

ወጪው ላይ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚስተው የቧንቧውን ቁጥር ነው። ፒፒአር ቧንቧ የሚጠራው በውጭ ዲያሜትሩ ነው። «ሃያ» የሚባለው ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ፒኤን 20 የተባለው ዓይነት፣ ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የድሮው ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ግማሽ ኢንቹን አውጥቶ «ሃያ» የሚያስገባ ሰው መንገዱን አጠበበው እንጂ በእኩል አልተካውም። የብረቱ እኩያ «ሃያ አምስት» ነው፤ «ሠላሳ ሁለት» ደግሞ ውስጡ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እነዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች የሚያመጡት ልዩነት ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። የቧንቧው የውስጥ ስፋት በእጥፍ ቢጨምር፣ ያንኑ ያህል ውሃ ሲያሳልፍ የሚበላው ከፍታ ወደ አንድ ሠላሳኛ ይወርዳል። የእኛ ቤት ዋና መስመር ከሮቶው እስከ ፎቁ መታጠቢያ ቤቶች 15 ሜትር ይሁን፤ መታጠፊያዎቹና ቫልቮቹ ሌላ 5 ሜትር ቧንቧ የሚያህል ይበላሉ እንበልና 20 ሜትር ብለን እንቁጠር። ሁለት ሻወርና አንድ የእጅ መታጠቢያ አንድ ላይ ቢከፈቱ፣ ለእያንዳንዱ በደቂቃ 6 ሊትር፣ በድምሩ 18 ሊትር ያስፈልጋል። ይህን ውሃ በ«ሃያ» ለማሳለፍ ከ8 ሜትር በላይ ከፍታ ይጠይቃል። በ«ሃያ አምስት» 2.80 ሜትር ገደማ። በ«ሠላሳ ሁለት» 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ።

ያለን 3.20 ሜትር ነው። በ«ሃያ» ከሆነ የማይቻል ነው፤ ውሃው አይቆምም፣ ነገር ግን ወጪው ከገቢው እስኪስተካከል ድረስ ፍሰቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በ«ሃያ አምስት» ከሆነ የሚተርፈው 40 ሴንቲ ሜትር ነው። በ«ሠላሳ ሁለት» ከ2.30 ሜትር በላይ ይተርፋል። ከዋናው መስመር ወደ አንድ ሻወር ብቻ የምትገነጠለው አጭር ቅርንጫፍ «ሃያ» ብትሆን ችግር የለም፤ በደቂቃ 6 ሊትር ሲያልፍባት አራት ሜትር ርዝመት የሚበላው ከ25 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ስህተቱ ዋናውን መስመር በዚያው ልክ መቁረጡ ላይ ነው። ደግሞ «ሠላሳ ሁለት» ዘርግቶ ሮቶውን ሶሌታው ላይ የተወ ሰውም አልዳነም፤ ዋናው መስመር ከ1.20 ሜትሩ ላይ 85 ሴንቲ ሜትሩን ይወስድበታል።

ሌላው ስህተት ሁለቱን ፎቆች በአንድ ቧንቧ ማጠጣት ነው። ታችኛው ወለል 3.20 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ስላለው ወጥ ቤቱ ሩቢኔቶ ሲከፈት ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ላይ የሚታጠበው ሰው ሳሙናውን እንደተቀባ ይቀራል። መድኃኒቱ ከሮቶው ሁለት መስመር ማውረድ ነው። ለፎቁ «ሠላሳ ሁለት»፣ ለታችኛው «ሃያ አምስት»፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ቫልቭ። ቤቱ በግንባታ ላይ ሳለ ጭማሪው ጥቂት ሜትር ቧንቧ ነው፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል።

ሮቶው የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ከተቻለ ከፎቁ መታጠቢያ ቤት በላይ ወይም አጠገብ ይሁን፤ መስመሩ ባጠረ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል። ደረጃው እስከ ጣሪያው የሚወጣበት ቤት ከሆነ፣ የደረጃው ክፍል አናት ማማ ሳይሠራ ከሁለት ሜትር በላይ ሊሰጥ ይችላል። ግን ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ይመዝናል። የማማው እግሮች ኮለን ወይም ቢም ላይ እንጂ በሶሌታው መሀል ማረፍ የለባቸውም፤ ይህን የቤቱን ስትራክቸር የሠራ መሐንዲስ አይቶ ይወስን። ባዶ ሮቶ ደግሞ ነፋስ ይጥለዋልና ይታሰር። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ከቤቱ ጎን ራሱን የቻለ የብረት ማማ ማቆም ይሻላል።

ከሮቶው የሚወጣው ቧንቧ መውረድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ወደ ላይ መነሣት የለበትም። እንዲህ ባለ ጉብታ ላይ አየር ይታሰርና እንደዚህ ያለ ትንሽ ግፊት ሊያልፈው አይችልም። ሮቶው ባዶ ሆኖ እንደገና ሲሞላ ሩቢኔቶው ሲያነጥስና ሲተፋ ከቆየ በኋላ ውሃ እምቢ ካለ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከዋናው ቫልቭ ቀጥሎ ከሮቶው የውሃ ገጽ በላይ የሚደርስ ቀጭን የአየር ማስተንፈሻ ቧንቧ ማቆም ይረዳል።

ያለቀ ቤት ውስጥ ጥፋቱ የት እንደሆነ ለማወቅ አሥር ሊትር ባልዲና ሰዓት ይበቃሉ። ሌላውን ሁሉ ዘግቶ የፎቁን ሻወር ብቻ ከፍቶ ባልዲውን መሙላት ነው። በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር ደርሷል። ብቻውን ሲሆን ደህና ሆኖ ሌላ ሩቢኔቶ ሲከፈት ከሞተ፣ የጋራው መስመር ጠባብ ነው። ብቻውንም ሆኖ ከደከመ የሻወሩን ራስ ነቅሎ እንደገና መሞከር ነው፤ ያኔ ከተሻሻለ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን ደህና፣ ሲጎድል ደካማ ከሆነ ግን የጎደለው ከፍታ ነው።

ከራስ በላይ እንደ ዝናብ የሚያዘንቡት ሰፋፊ የሻወር ራሶች አንድ ባርና ከዚያ በላይ ግፊት ታስቦ የተሠሩ ስለሆኑ በ2 ሜትር ከፍታ አይረኩም። እነሱን የሚፈልግ ሰው አሥር ሜትር ማማ አያቆምም፤ በፎቁ መስመር ላይ ብቻ ውሃ ሲፈስ በራሱ የሚነሣ ትንሽ ፓምፕ ይተክላል። መብራት ሲጠፋ ውሃው ፓምፑን ሳይነካ የሚያልፍበት መተላለፊያ ቧንቧም አብሮ ያሠራል።