ሻንጣው ተሰብሮ ለደረሰ ደንበኛ ምን ተብሎ ይጻፍ?

«ሻንጣዬን ሰባብራችሁ ሰጣችሁኝ። ደውዬ ስነግራችሁ ሰሚ የለም። ሌቦች ናችሁ! 280 ዶላሬን ካልከፈላችሁኝ ቲክቶክ ላይ ነው የማወጣችሁ።»

የአየር መንገድ ቅሬታ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ኢሜይል እንግዳ አይደለም። የሚከብደው መልሱ ነው። ኩባንያው የተጠየቀውን ሁሉ የሚከፍል ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን መላክ ብቻ ነው። የጸሐፊው ችሎታ የሚፈተነው ደንበኛው በአንዱ ነገር እውነት ይዞ በሌላው ሳይይዝ ሲቀር፣ ኩባንያውም «አንከፍልም» ማለት ግድ ሲሆንበት ነው።

ለማሳያ ያህል ከተለመዱ ቅሬታዎች የተውጣጣ አንድ ጉዳይ እንውሰድ። አንዲት እናት ለለቅሶ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ይመጣሉ። ከሁለቱ ሻንጣዎቻቸው የአንደኛው ጎማ ተነቅሎ ጎኑ ተሰንጥቋል። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ማን ልብ ይለዋል? ያዩት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ አየር መንገዱ ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ «በኢሜይል ይጻፉልን» ብሎ ዘጋ። ኀዘንተኛ እየተቀበሉ፣ ሌላውንም ጉዳይ እየጨረሱ ሰነበቱና ከላይ ያለውን ኢሜይል የላኩት ሻንጣውን በተረከቡ በ16ኛው ቀን ሆነ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ በረራዎችን የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በአንቀጽ 31 እንደሚደነግገው፣ ጉዳት የደረሰበትን ሻንጣ የተረከበ መንገደኛ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ደግሞ 21 ቀን ተፈቅዷል። በስልክ መናገር እንደ ጽሑፍ አይቆጠርም። ጊዜው ካለፈ፣ አየር መንገዱ ራሱ ካላጭበረበረ በቀር፣ ክስ ማቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ኩባንያው አልከፍልም ቢል ሕጉ ከጎኑ ነው። ያም ሆኖ ሴትየዋ በጊዜው ደውለዋል፤ ሠራተኛውም ስለ 7 ቀኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚወጣው የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ መሠረተ ቢስ ቅሬታን ይመለከታል። እንደሚታወቀው ማንኛውም መንገደኛ ቅሬታውን በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅበታል። እርስዎ ይህን ባለማድረግዎ ጥያቄዎ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን እየገለጽን፣ የድርጅታችንን ስም ከማጥፋት እንዲቆጠቡ እናሳስባለን። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ግልባጭ፦ ለሕግ አገልግሎት።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» ብሎ የጻፈ ሰው በአክብሮት የጻፈ ይመስለዋል። ደንበኛዋ ግን ሌላ ነው የሚያነቡት። «እንደሚታወቀው» ሲባሉ ያላወቁት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ይነገራቸዋል፤ ሠራተኛው አለመንገሩ ደግሞ ተድበስብሶ ቀርቷል። ላልተባበሩት ነገር «ስለ ትብብርዎ» ተብለው ይመሰገናሉ። ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻዋ መስመር ናት። ለሕግ ክፍል ግልባጭ ማድረግ ለጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለተቀባይዋ ግን ፍርድ ቤት እንገናኝ ማለት ነው። ለሕግ ክፍሉ ማሳወቅ ካስፈለገ ለብቻው በውስጥ ማስታወሻ መላክ ይቻላል።

ይህን የፈራ ሌላ ጸሐፊ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። «በደረሰብዎ ነገር ልባችን ተሰብሯል፤ እጅግ በጣም ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ጉዳይዎን በልዩ ትኩረት እየተመለከትነው ስለሆነ በቅርቡ አስደሳች ምላሽ ይደርስዎታል» ይላል። ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጉዳት አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳይወሰን ተስፋ ሰጥቷል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «አንከፍልም» የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ ሴትየዋ የተከለከሉት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቃል የተገባላቸውን ነገር ነው። ለተሰነጠቀ ሻንጣ «ልባችን ተሰብሯል» ማለትም፣ ለቅሶ ላይ ላለ ሰው፣ ቃሉን ማርከስ ነው።

ሁለቱም ረቂቆች የተበላሹት ከመጻፋቸው በፊት ነው። ማንም ሰው መዝገቡን አላየም። በሦስተኛው ቀን ተደውሎ ነበር? ማን አነሳው? ምን ተባለ? አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጉዳት ሪፖርት ተሞልቶ ይሆን? ሪፖርት ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ የ7 ቀኑ ክርክር እዚያው ያበቃ ነበር፤ በጽሑፍ ያለ ማመልከቻ ነውና። የደብዳቤው ድምፅ የቱ ጋ ጠንክሮ የቱ ጋ እንደሚለዝብ የሚወስነው የዚህ ፍተሻ ውጤት እንጂ የጸሐፊው የዕለቱ ስሜት አይደለም።

ሳያጣሩ መጠንከር ምን እንደሚያስከትል ለማየት የዩናይትድ ኤርላይንስ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2017 ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል ሊነሳ በነበረ በረራ ላይ አራት የአየር መንገድ ሠራተኞችን ለማሳፈር ሲባል ተሳፋሪዎች እንዲወርዱ ተጠየቁ። አልወርድም ያሉ አንድ ሐኪም በጸጥታ ሠራተኞች ከመቀመጫቸው ተጎትተው፣ ፊታቸው ደምቶ ወጡ። ሌሎች ተሳፋሪዎች የቀረጹት ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኦስካር ሙኖዝ በማግስቱ ያወጡት መግለጫ ይቅርታ የጠየቀው ተሳፋሪዎቹን ወደ ሌላ በረራ ማዛወር ስላስፈለገ ነበር፤ ስለ ደሙ ምንም አላለም። በዚያው ቀን ለሠራተኞቻቸው በላኩት ደብዳቤ ደግሞ ከእነሱ ጎን እንደሚቆሙ ገልጸው ተሳፋሪውን ረባሽና ተደባዳቢ አድርገው ሳሉ። ደብዳቤው ወዲያው አደባባይ ወጣ። ኤፕሪል 11 ሦስተኛ መግለጫ አውጥተው ድርጊቱ አሰቃቂ መሆኑን፣ ማንም ሰው እንዲህ ሊያዝ እንደማይገባና ሙሉ ኃላፊነቱን እንደሚወስዱ ተናገሩ። ይህ የሦስተኛው ቃል በመጀመሪያው ቀን ቢነገር ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲነገር ግን የሰዎች ቁጣ ያስገደደው መሰለ።

ሙኖዝ ሠራተኞቻቸውን ለመከላከል መፈለጋቸው አያስወቅስም። የቅሬታ ክፍል ጸሐፊም «ሌቦች ናችሁ» የሚለውን ሲያነብ ሻንጣ ጫኝ ባልደረባው ይታወሰውና ደሙ ይፈላል። ግን ስድብ በደብዳቤ ውስጥ መልስ አይሰጠውም። ከስድቡ ሥር ያለው ጥያቄ ነው የሚመለሰው፦ የጠፋ ዕቃ አለ ወይ? ቲክቶክን በተመለከተም አንድም ቃል አይጻፍም። ማስፈራሪያውን ያነሳ መልስ፣ ቢቆጣም ቢለማመጥም፣ ማስፈራሪያው እንደሠራ ይናገራል።

መዝገቡ ታይቶ ስልኩ መደወሉ ተረጋገጠ እንበል። ሪፖርት ግን አልተገኘም። ኃላፊዎቹ ገንዘቡ እንዳይከፈል፣ ሠራተኛው ባለመናገሩ ግን ሻንጣው በኩባንያው ወጪ እንዲጠገን ወሰኑ። ውሳኔው አንሷል የሚል ይኖራል፤ ቢያንስ ግን ኩባንያው ያጎደለውን ነገር ያያል። አሁን ደብዳቤው ይህን መምሰል ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ስለተሰነጠቀው ሻንጣዎ። ለደረሰብዎ ኀዘን መጽናናትን እንመኝልዎታለን። ሻንጣዎ ጎማው ተነቅሎና ጎኑ ተሰንጥቆ እንደደረሰዎት የላኩልንን ፎቶ ተመልክተናል። በተረከቡት በሦስተኛው ቀን ደውለውልን ነበር። ያነጋገረዎ ባልደረባችን የጽሑፍ ቅሬታ ማቅረቢያው 7 ቀን ብቻ መሆኑን ሊነግርዎ ሲገባ አልነገረዎትም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።

የሻንጣውን ዋጋ 280 ዶላር አንከፍልም። የጽሑፍ ቅሬታዎ የደረሰን በ16ኛው ቀን ሲሆን፣ ለዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራው ሕግ የሚፈቅደው 7 ቀን ነው። ሻንጣውን ግን በእኛ ወጪ እናስጠግናለን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ ቢሮአችን ይዘውት ቢመጡ ወይም ሰው ቢልኩ ይበቃል። ከሻንጣው የጎደለ ዕቃ ካለ ዝርዝሩን ይጻፉልን፤ እናጣራለን።»

እዚህ ውስጥ «ይቅርታ» የተባለው አንዴ ብቻ ነው፤ የተባለውም ለታወቀ ጥፋት፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተነግሮ ነው። «ለተፈጠረው ችግር» ቢል ኖሮ ችግሩ ከሰማይ የወረደ ይመስል ነበር። ይቅርታው ከክልከላው በፊት በራሱ አንቀጽ መቆሙም ታስቦ ነው። ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከተሰፉ፣ «ይቅርታ እየጠየቅን መክፈል እንደማንችል እንገልጻለን» ከተባለ፣ ይቅርታው የክልከላው ማለስለሻ ይሆንና ዋጋ ያጣል።

ክልከላው ራሱ አንድ ቃል ነው፤ «አንከፍልም»። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ቃል ይፈሩትና «ለመክፈል የምንቸገር መሆኑን» ወይም «በአሁኑ ሰዓት» ይላሉ። አንባቢው በአሁኑ ሰዓት ካልሆነ ነገስ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አክብሮቱ ያለው ምክንያቱ በሚገባ ቋንቋ በመነገሩና ሊደረግ የሚችለው ነገር ወዲያው በመከተሉ ነው። የመጽናናቱ ቃልም ቢሆን የገባው ሴትየዋ ራሳቸው ለለቅሶ እንደመጡ ስለጻፉ ብቻ ነው፤ ኩባንያው ከሌላ ቦታ የሰማውን የቤት ጉዳይ ደብዳቤ ላይ ማንሳት ያስደነግጣል።

ሴትየዋ በዚህ መልስ ላይረኩ ይችላሉ። ምናልባት በማግስቱ የባሰ የተቆጣ ኢሜይል ይልካሉ። ፈተናው የሚብሰው ያን ጊዜ ነው፤ ጸሐፊው የተሻለ ማሳመኛ ልፈልግ ብሎ አዲስ ምክንያት ሊጨምር ይቃጣዋል፦ ሻንጣው ድሮም አሮጌ ነበር፣ ከልክ በላይ ተሞልቶ ነበር። አዲስ ምክንያት በተጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው ደካማ እንደነበር ይታመናል፤ ክርክሩም እንደገና ይከፈታል። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ማጠር አለበት። አዲስ ማስረጃ ከመጣ፣ ለምሳሌ በመጡበት ዕለት የተሞላ የሪፖርት ቅጽ ፎቶ ከላኩ፣ ውሳኔው እንደገና ይታያል፤ ያም በግልጽ ይነገራቸዋል። ካልመጣ ግን «ደብዳቤዎን አንብበናል፤ ውሳኔያችን በፊት እንደገለጽነው ነው፤ የጥገናው አገልግሎት አሁንም ክፍት ነው» ብሎ፣ ከኃላፊው ጋር መነጋገር ቢፈልጉ የሚያገኙበትን ስልክ አስቀምጦ መፈረም ይበቃል።