ከድሮ ቪዲዮ ላይ ቀንና ሰዓትን ማጥፋት

ከካሴት ወደ ኮምፒውተር በተገለበጠ የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ጥግ ላይ ቀንና ሰዓት ተጽፎ ይታያል። ለማጥፋት ከመነሳት በፊት ካሴቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ማየት ይገባል። ሚኒ ዲቪ ወይም ዲጂታል 8 ከሆነ ቀኑ የሚቀመጠው ከምስሉ ተለይቶ ነው፤ ካሴቱ ሲጫወት ካሜራው ከላይ ይደርበዋል። እንዲህ ከሆነ በካሜራው ላይ የቀን ማሳያውን አጥፍቶ እንደገና መገልበጥ ይበቃል።

በቪኤችኤስ፣ በቪዲዮ 8 እና በሃይ 8 ካሴቶች ላይ ግን ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የተቀረጸው ከምስሉ ጋር ተዋሕዶ ነው። ከሥሩ ተሸፍኖ የቀረ ምስል ስለሌለ፣ ማጥፋት ማለት ቦታውን በዙሪያው ባለው ቀለም በግምት መሙላት ነው።

ይህን በነፃ ከሚሠሩ ፕሮግራሞች አንዱ ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። በፓል ሥርዓት የተቀረጸ፣ 720 በ576 ነጥብ የሆነ ቪዲዮ አለን እንበል፤ ቀኑ ከታች በቀኝ በኩል ነው።

```
ffmpeg -i serg.mkv -vf "bwdif,delogo=x=470:y=500:w=210:h=44" -c:v libx264 -crf 16 -c:a copy new.mkv
```

የካሴት ምስል እያንዳንዱ ፍሬም ጎዶሎና ሙሉ መስመሮቹ በተለያየ ቅጽበት የተነሱ ሁለት ግማሾች ናቸው። ሳይለያዩ ከተሞሉ የሁለት ቅጽበት ቀለም ይደባለቃል፤ ስለዚህ bwdif አስቀድሞ ይለያቸዋል። ቀጥሎ delogo ሳጥኑን ከዳር ዳሩ ቀለም ይሞላዋል። x እና y የሳጥኑ የላይኛው ግራ ጥግ፣ w እና h ስፋቱና ቁመቱ ናቸው። ቦታውን ለማግኘት መጨረሻ ላይ :show=1 ሲጨመር አረንጓዴ ሳጥን ይታያል። ሳጥኑ ከቁጥሩ ጥቂት ነጥብ ይለፍ፤ የካሴት ፊደል ጠርዙ ስለሚፈስ፣ ከጠበበ የፊደሉ ጥላ ይቀራል።

ከበስተኋላው ግድግዳ ወይም ሰማይ ከሆነ የተሞላው ቦታ እምብዛም አይለይም። ሰዎች እስክስታ ሲመቱ ወይም የቀሚስ ጥለት ሲያልፍ ግን የሚንቀጠቀጥ ብዥታ ይተዋል፤ አንዳንዴም ከቁጥሩ የባሰ ዓይን ይስባል። እዚያ ላይ የታችኛውን ክፍል መቁረጥ ይሻላል። ከላይኛው 500 መስመር ብቻ ሲቀር፣ ቅርጹ እንዳይዛባ ስፋቱም ወደ 624 ይወርዳል፦ crop=624:500:48:0። የሚጠፋው ግን የጨፋሪዎቹ እግር መሆኑን ልብ ይሏል።

ካሜራ አንሺው ቀኑን መጀመሪያ ላይ ብቻ አሳይቶ አጥፍቶት ከሆነ ቪዲዮውን በሙሉ መንካት አያስፈልግም። ሳጥኑ ላይ :enable='between(t,0,95)' ሲጨመር ሥራው በመጀመሪያዎቹ 95 ሰከንዶች ይወሰናል።

የተገለበጠው የመጀመሪያ ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ቀኑም በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ የአበሻውን ቀን አጠገቡ መጻፍ ኋላ ከመምታታት ያድናል።